በመንገድ ላይ የምትጠፋው መስመር

በአንድ ቅርንጫፍ ሱቅ የምትሠራ ሻጭ ስልኳን ከፍታ የዕቃ ስም ትጽፋለች። መልሱ ወዲያው ይመጣል። ስሙ ልክ ነው፣ ዋጋውም ልክ ነው፤ ብዛቱ ግን የእሷን ሱቅ አይመለከትም። መደርደሪያዋ ላይ 6 ፍሬ ቀርቶ ስልኩ 400 አለ ይላታል። 400ው ያለው ከተማው ዳር፣ ዋናው መጋዘን ውስጥ ነው። እሷም ስልኩን አምና ለደንበኛ «አለ» ትላለች፤ ገንዘብ ከተቀበለች በኋላ ዕቃው ይታጣል።

ቅሬታው ከአንድ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ቅርንጫፎች ነበር የሚመጣው። ፕሮግራሙን የሠራው አዲስ አበባ ያለ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ጉዳዩን የሰጠው ሥራ ከጀመረች ብዙም ላልቆየች ወጣት ፕሮግራመር ነው። ቀላል መስሏቸው ነበር። እኔ እዚያው ክፍል፣ ከእሷ አጠገብ እሠራ ስለነበር ፍለጋዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። በየቀኑ በስልካችን የምንጠቀምባቸው አገልግሎቶች ከመጋረጃው በስተጀርባ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ሲበላሹም ብልሽቱ እንዴት እንደሚደበቅ ይህን ያህል ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ጉዳይ አላጋጠመኝም።

ስልክ ላይ ያለ መተግበሪያ ለሰርቨር ጥያቄ ሲልክ ከጥያቄው አናት ላይ አጫጭር መስመሮችን ይጽፋል። እያንዳንዱ መስመር ስምና ዋጋ አለው፤ በመካከላቸው ሁለት ነጥብ ይገባል። የሚጠየቀው ሰርቨር ማን እንደሆነ፣ መልሱ በምን ቋንቋ ቢመጣ እንደሚመረጥ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ የሚነገረው በእነዚህ መስመሮች ነው። ባለሙያዎቹ ሄደር ይሏቸዋል። ማንኛውም ድርጅት ከተለመዱት በተጨማሪ የራሱን ሄደር መፍጠር ይችላል። ይህ ድርጅትም `branch_id` የሚባል ፈጥሮ ነበር፤ ዋጋው የቅርንጫፉ ቁጥር ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ይህን ቁጥር አንብቦ የዚያን ሱቅ ክምችት ይመልሳል።

ወጣቷ መጀመሪያ የጠየቀችው ፕሮግራሙ ቁጥሩን ባያገኝ ምን እንደሚያደርግ ነበር። ኮዱን ስታነብ መልሱን አገኘችው። ቁጥሩ ከሌለ ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ አይቆምም፤ ዝም ብሎ ዋናውን መጋዘን ይወስዳል። ያን መስመር የጻፈው ሰው ደግነት ነበር ያሰበው፣ ተጠቃሚው ባዶ ገጽ እንዳያይ። በእኔ እምነት ግን ከዚህ ሁሉ ችግር ከባዱ ይህ ነው። ፕሮግራሙ «የቅርንጫፍ ቁጥር አልደረሰኝም» ብሎ እምቢ ቢል ኖሮ ብልሽቱ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። ትክክል የሚመስል የሐሰት መልስ ስለሰጠ ግን ሳምንታት አለፉ።

ስለዚህ ሄደሩ አይደርስም ማለት ነው። ስልኩ ይልከዋል? ይልከዋል፤ የመተግበሪያውን ኮድ አይታ አረጋገጠች። በራሷ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን አስነስታ ስትሞክር `branch_id` ይደርሳል፣ የቅርንጫፉም ብዛት በትክክል ይመጣል። ደንበኞቹ በሚጠቀሙበት ሰርቨር ላይ ግን አይደርስም። ኮዱ ያው ነው፤ የሚለየው መንገዱ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነበር። ከስልኩ የወጣው ጥያቄ መጀመሪያ ሎድ ባላንሰር ዘንድ ይደርሳል፤ እሱ ምስጢራዊውን የኤችቲቲፒኤስ ሽፋን ፈትቶ ጭነቱን ለሰርቨሮች ያከፋፍላል። ከዚያ ኢንጂንኤክስ የተባለው ፕሮግራም የተጫነበት አንድ ማሽን አለ፤ ውጪኛው እንበለው። ከእሱ ኋላ ደግሞ በሌላ ቡድን የሚተዳደር ሌላ ኢንጂንኤክስ አለ፤ ይህ ውስጠኛው ነው፤ ጥያቄው ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ አይቶ ይመራዋል። በመጨረሻ በኖድ የተጻፈው የክምችት ፕሮግራም ይገኛል። በመካከል ያሉት ሦስቱም ፕሮክሲ ይባላሉ።

አንድ ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከመዝገብ ቤት ወደ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊ ወደ ኃላፊ ሲሄድ ወረቀቱ ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ፕሮክሲ ግን የመጣለትን ወረቀት አያሳልፍም። አንብቦ በአዲስ ወረቀት ይገለብጠዋል፤ ግልባጩን ልኮ የመጀመሪያውን ይጥለዋል። በዚህ መንገድ ላይ ጥያቄው ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። ከገልባጮቹ አንዱ አንድ መስመር ቢዘል ቀጣዩ መስመሩ እንደነበረ እንኳ የሚያውቅበት ምንም ምልክት የለም።

ወጣቷ ጉዳዩን ለሰርቨሮቹ ኃላፊ አቀረበችው። ዕድሜው ከሁላችንም ገፋ ያለ፣ ብዙ ያየ ሰው ነው። የሄደሩን ስም ሲያይ ወዲያው ጠረጠረ።

«ኢንጂንኤክስ ስሙ ውስጥ የግርጌ ሰረዝ ያለበትን ሄደር ይጥላል። ውጪኛው ላይ ገብተሽ አብሪውና ሞክሪ» አላት።

«ጋሼ፣ ሌላ ነገር ያበላሽብን ይሆን?»

«ለሙከራ ነው። ካልሆነ ትመልሽዋለሽ።»

እውነቱን ነው። ኢንጂንኤክስ ሲጫን `branch_id` ውስጥ ያለችውን የግርጌ ሰረዝ፣ አንደርስኮር የሚሏትን፣ የያዘ የሄደር ስም ልክ እንዳልሆነ ቆጥሮ ይዘለዋል። ይህን የሚቀይር አንድ ቅንብር አለ፦

```
http {
    underscores_in_headers on;
}
```

ይህን ውጪኛው ማሽን ላይ ጻፈች፣ ቅንብሩን እንደገና አስነበበች፣ በስልክ ሞከረች። አሁንም 400። ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ ጥፋቱ የኢንጂንኤክስ አይደለም ብላ የጻፈችውን አጠፋች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የታሪኩ አንጓ ያለው እዚህ ነው። ጥርጣሬው ትክክል ነበር፣ መፍትሔውም ትክክል ነበር፣ ሙከራው ግን «አይደለም» አለ። ምክንያቱን ልብ በሉ። ውስጠኛው ማሽንም ኢንጂንኤክስ ነው፣ እሱም ያንኑ መስመር ይጥላል። ውጪኛው ሲጥል ውስጠኛው የሚጥለው አያገኝም። ውጪኛው ማሳለፍ ሲጀምር ደግሞ ውስጠኛው ይጥለዋል። መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ሁኔታዎች ፍጹም አንድ ናቸው። ሁለት ቦታ የተቆረጠ ሽቦ አንዱን ቢቀጥሉት መብራት አይመጣም፤ እሷም የቀጠለችውን መልሳ ፈታችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ባክኗል ማለት ይቻላል። ሎድ ባላንሰሩን ጠረጠረች፤ መመሪያውን አንብባ ምንም አላገኘችም። የስልኩን መተግበሪያ አሠሪዎች ጠየቀች፤ እነሱም «እንልካለን» አሉ። የኢንጂንኤክስን የስህተት መዝገብ ከፈተች፤ ስለ `branch_id` አንድም ቃል የለበትም። ይህ የመዝገብ ዝምታ ይበልጥ አሳሳታት። ኢንጂንኤክስ የጣለውን ሄደር በእርግጥ ይመዘግባል፤ የሚመዘግበው ግን `info` በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ነው። መዝገቡ ሲጫን የተቀመጠለት ደረጃ ደግሞ `error` ነው፤ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ አይጻፍም። መረጃው አለ፣ እንዲነገር ግን አልተፈቀደለትም።

መንገዱን የቀየረላት አንድ ቀላል ሐሳብ ነው። ጫፍ ላይ ቆማ «ደረሰ ወይስ አልደረሰ» ከማለት ይልቅ ሁለት መንትያ ሄደሮች አንድ ላይ ለመላክ ወሰነች፤ በሁሉም ነገር አንድ የሆኑ፣ በአንዲት ምልክት ብቻ የሚለያዩ።

```
curl -v https://api.example.com/stock \
  -H 'branch_id: 7719' \
  -H 'branch-id: 7719'
```

`curl` በጽሑፍ ትእዛዝ ጥያቄ የሚልክ ፕሮግራም ነው፤ `-v` ሲጨመርበት የላከውን እያንዳንዱን መስመር ያሳያል። ሁለቱም መውጣታቸውን በዓይኗ አየች። በሌላው ጫፍ የክምችት ፕሮግራሙ የተቀበለውን ሄደር ሁሉ እንዲያትም አድርጋ ነበር። የደረሰው `branch-id` ብቻ ነው፤ የመሀል ሰረዝ ያለው አልፏል፣ የግርጌ ሰረዝ ያለው ጠፍቷል።

ይህ ሙከራ ብዙ ጥርጣሬዎችን በአንድ ጊዜ ገደለ። መንገዱ ክፍት ነው። የሄደሩ ዋጋ ችግር የለበትም። አዲስ ሄደር ሁሉ ይከለከላል የሚለውም ውሸት ነው። የቀረው ስሙ ብቻ ነው። የሰርቨሮቹ ኃላፊ ከመጀመሪያው ልክ ነበር፤ ታዲያ ቅንብሩ ሲበራ ለምን አልሠራም?

አሁን በየመገጣጠሚያው መቆም ነበረባት። ከሎድ ባላንሰሩ ወዲህ ያለው መንገድ በዚያ ድርጅት ውስጥ ያለ ምስጢራዊ ሽፋን ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በሽቦው የሚያልፈውን ማንበብ ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው `tcpdump` ነው። የደንበኞችን መረጃ ማየት ስለሚያስችል ፈቃድ ጠየቀች፤ ኃላፊው ራሱ አጠገቧ ተቀምጦ አስጀመረላት። በአንድ መስኮት ውስጠኛው ኢንጂንኤክስ የሚቀበልበትን በር፣ በሌላ መስኮት የክምችት ፕሮግራሙ የሚቀበልበትን በር ከፈቱ፦

```
sudo tcpdump -i any -A 'tcp port 8080'
sudo tcpdump -i any -A 'tcp port 3000'
```

መጀመሪያ ቅንብሩ ጠፍቶ ሳለ ላኩ። 8080 ላይ `branch_id` የለም። ውጪኛው ይጥላል ማለት ነው፤ ሎድ ባላንሰሩም ጥፋት ይኑረው አይኑረው ገና አልታወቀም። ከዚያ ውጪኛው ላይ ቅንብሩን መልሳ አበራችና ያንኑ ጥያቄ ላከች። 8080 ላይ ከፊደልና ከቁጥር ጎርፍ መካከል `branch_id: 7719` ብቅ አለ። ሎድ ባላንሰሩ ነፃ ወጣ። በሁለተኛው መስኮት፣ 3000 ላይ ግን መንትያው ብቻውን ነው የመጣው። መስመሯ በ8080 እና በ3000 መካከል ጠፍታለች፤ በመካከላቸው ያለው ደግሞ አንድ ማሽን ብቻ ነው።

የውስጠኛው ቡድን የመዝገቡን ደረጃ ለጥቂት ደቂቃ ወደ `info` ዝቅ ሲያደርግላቸው እዚያው ተጽፎ አገኙት፦

```
client sent invalid header line: "branch_id: 7719"
```

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ውስጠኛውም ላይ ይብራና ይለቅ» ሊል ይችላል። ወጣቷም እንዲሁ አለች። የውስጠኛው ቡድን ግን እምቢ አለ፣ እምቢታቸውም ምክንያት ነበረው። የኢንተርኔት ደንቡ ራሱ የግርጌ ሰረዝን አይከለክልም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9110 የተባለው ሰነድ በሄደር ስም ውስጥ ይፈቅደዋል። ኢንጂንኤክስ ከደንቡ በላይ የሚጠነቀቀው በአሮጌ ልማድ የተነሳ ነው።

በ1990ዎቹ ድረ ገጽ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሲጀመሩ ሰርቨሩና ፕሮግራሙ የሚነጋገሩበት ሲጂአይ የሚባል ስምምነት ተፈጠረ። በእሱ መሠረት ሰርቨሩ ሄደሮቹን ለፕሮግራሙ የሚያስረክበው የአካባቢ ተለዋዋጭ በሚባሉ ስሞች ነው። እነዚህ ስሞች በተለምዶ ከፊደል፣ ከቁጥርና ከግርጌ ሰረዝ ውጪ አይወስዱም፤ የመሀል ሰረዝ አይገባባቸውም። ስለዚህ ፊደሎቹ በትልቁ ይጻፋሉ፣ የመሀል ሰረዙ በግርጌ ሰረዝ ይተካል፣ መነሻው ላይ `HTTP_` ይጨመራል። `branch-id` የነበረው `HTTP_BRANCH_ID` ይሆናል። `branch_id` የነበረውም `HTTP_BRANCH_ID` ይሆናል። በመንገድ ላይ ሁለት የነበሩት ፕሮግራሙ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ናቸው። ይህ ልማድ አላረጀም፤ ብዙ የፓይተን ድረ ገጾች የሚመሩበት ደብሊውኤስጂአይ እስከ ዛሬ ያንኑ አጻጻፍ ይከተላል።

አደጋው ከዚህ ይመነጫል። ፕሮክሲ የተጠቃሚውን ማንነት አረጋግጦ ለፕሮግራሙ `X-Auth-User` በሚል ሄደር ያሳውቃል እንበል። ተንኮለኛ ሰው ራሱ ይህን ሄደር ጽፎ ቢልክ ፕሮክሲው ይሰርዝበታል። ሰውዬው ግን `X-Auth_User` ብሎ ቢልክስ? ለፕሮክሲው ይህ ሌላ ስም ስለሆነ ያልፋል። ፕሮግራሙ ዘንድ ሲደርስ ግን ሁለቱም `HTTP_X_AUTH_USER` ናቸው፤ ተንኮለኛው የሌላ ሰው ስም ይዞ ሊገባ ይችላል። ታዋቂው የፓይተን ማዕቀፍ ዲጃንጎ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ያወጣው የደኅንነት ማስተካከያ ይህንኑ ድክመት የሚመለከት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የራሱ የመለማመጃ ሰርቨር የግርጌ ሰረዝ ያለባቸውን ሄደሮች ይጥላል። ጉኒኮርን የተባለው የፓይተን ሰርቨርም ከ22.0 ጀምሮ ካልታዘዘ በስተቀር ይጥላቸዋል።

የክምችት ፕሮግራሙ በኖድ ስለተጻፈ ሁለቱን ስሞች ለይቶ ያያል፤ ወጣቷ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ችግሩን ያላየችውም ለዚህ ነው። ከዚያው ከውስጠኛው ኢንጂንኤክስ ኋላ ግን በፓይተን የተጻፈ የሂሳብ ፕሮግራም ነበር፤ የተጠቃሚውን ማንነትም የሚቀበለው በሄደር ነው። ለክምችቱ ተብሎ በሩ ቢከፈት የሂሳቡ ፕሮግራም ይጋለጣል።

ትክክለኛው መድኃኒት ስሙን መቀየር ነው፤ `Branch-Id`። ችግሩ በየሱቁ ያሉት ስልኮች ናቸው። አዲሱ የመተግበሪያ ቅጂ ሁሉም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ አሮጌዎቹ `branch_id` እያሉ ይልካሉ። ስለዚህ ለሽግግር ውጪኛው ማሽን ላይ ብቻ ቅንብሩ በርቶ፣ አሮጌውን ስም ወደ አዲሱ እንዲተረጉም ተስማሙ። ውስጠኛው እንደተዘጋ ይቆያል፤ ሾልኮ የሚመጣ የግርጌ ሰረዝ ካለ እዚያ ይቀራል። ትርጉሙን የሚሠራው አንድ መስመር ነው፦

```
location /stock {
    proxy_set_header Branch-Id $http_branch_id;
    proxy_pass http://inner;
}
```

እዚህ የኢንጂንኤክስ ባሕርይ ጠቀማቸው። `$http_branch_id` የሚለው ተለዋዋጭ ራሱ በዚያው በሲጂአይ ልማድ የተሰየመ ነው፤ ስልኩ `branch_id` ቢልም `Branch-Id` ቢልም ያገኘዋል።

መስመሩን ካስገባች በኋላ ብዛቱ ተስተካከለ። ሱቆቹ 6 ያሉት 6 አዩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራውን ዘግቶ ይሄድ ነበር። እሷ ግን በየመገጣጠሚያው መቆም ለምዳ ስለነበር `tcpdump`ን እንደገና ከፍታ አሁን የሚያልፈውን ሄደር ሁሉ ከትናንቱ ጋር አስተያየች። ሌላም የጎደለ ነገር አለ። `X-Forwarded-For` የለም፤ ጥያቄው በመጀመሪያ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ የሚናገረው ሄደር ነው። የመዳረሻ መዝገቡን ስታይ ከሁሉም ሱቅ የሚመጣው ጥያቄ ከአንድ አድራሻ፣ ከውጪኛው ማሽን፣ የመጣ ሆኖ ተጽፏል።

ይህን ያደረገችው የጨመረቻት መስመር ናት። በኢንጂንኤክስ ቅንብር የላይኛው ክፍል ላይ የተጻፉ የ`proxy_set_header` ትእዛዞች ወደ ታችኛው ክፍል የሚወርሱት ታችኛው የራሱ አንድም ከሌለው ብቻ ነው። በ`location /stock` ውስጥ አንዲት ስትጻፍ ከላይ የነበሩት ሁሉ ለዚያ ክፍል አይሠሩም። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ግን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ ቅንብሩም ሲፈተሽ ትክክል ነው ይባላል። ከላይ ያሉትን `Host`፣ `X-Real-IP` እና `X-Forwarded-For` የሚጽፉትን መስመሮች እዚያው ክፍል ውስጥ ደግማ ጻፈቻቸው።

ከዚያ በክምችት ፕሮግራሙ ላይ ያ ዋናውን መጋዘን የሚወስደው መስመር ተነሥቶ፣ ቁጥር ያልያዘ ጥያቄ 400 በሚባለው የስህተት ኮድ እንዲመለስ ተደረገ። ቅንብር በተቀየረ ቁጥር የሚነሣ አንድ አጭር ፍተሻም ጻፈች። ፍተሻው አሮጌውን ስም ብቻ ይዞ አንድ ጊዜ፣ አዲሱን ብቻ ይዞ ሌላ ጊዜ ይልክና ሁለቱም `Branch-Id` ሆነው መድረሳቸውን፣ `X-Forwarded-For` አብሮ መምጣቱን ያያል። በሦስተኛው ዙር ደግሞ `X-Auth_User` ይልካል፤ ይህ ከደረሰ ፍተሻው ይወድቃል። የመጨረሻው አሮጌ ስልክ አዲሱን ቅጂ ሲጭን የውጪኛው ማሽን ቅንብር ተመልሶ ጠፋ፤ ፍተሻው ውስጥ አሮጌውን ስም የሚልከውም ዙር «መድረስ የለበትም» ወደሚለው ተቀየረ።